ኢሚን ወይስ ኢናሚን፦ ሃይድሮጅኑን መቁጠር፣ አሲዱን መመጠን

ለገጣፎ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የማስጠናቸው ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ባለፈው ክረምት ከመካከላቸው አንዷ የቤተ ሙከራ ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ቤንዛልዲሃይድንና ቤንዚላሚንን ውኃ ውስጥ ደባልቃ፣ ፒኤቹን በአሴቴት ቡፈር 4.5 ላይ አቁማ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብቃለች። ያገኘችው የለም። «መምህር፣ መጽሐፉ 4.5 ይላል፤ እኔም 4.5 ነው ያደረግሁት» አለችኝ፤ ልቧ እንደተሰበረ ከድምፅዋ ይታወቅ ነበር።

ቁጥሩን አልተሳሳተችም። የእርሷ አሚን ግን ያ ቁጥር የተለካበት አሚን አልነበረም። ይህን መመሪያ የጻፍሁት 4.5ን እንደ ጸሎት በቃላቸው የያዙ ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ ስላየሁ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የገባው ሰው ለየትኛውም አሚን የራሱን ልክ ማግኘት ይችላል።

አንደኛ፦ አሚኑ ስንት ሃይድሮጅን እንዳለው ይቁጠሩ

ወረቀት ላይ አሚኑን ይሳሉና ናይትሮጅኑ ላይ ያሉትን ሃይድሮጅኖች ይቁጠሩ። ሁለት ካሉ ቀዳማዊ አሚን ነው፤ ውጤቱም ኢሚን፣ ማለትም C=N ያለው ውህድ ይሆናል። አንድ ብቻ ካለ ሁለተኛ ደረጃ አሚን ነው፤ ውጤቱ ኢናሚን፣ ማለትም ናይትሮጅን የተቀጠለበት C=C ያለው ውህድ ይሆናል። ምንም ከሌለ ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ከሁለቱ አንዱንም አይሰጥም።

ሁለተኛ ደረጃ አሚን ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ። ከካርቦኒሉ ጎን ያለው ካርቦን፣ አልፋ ካርቦን የምንለው፣ ቢያንስ አንድ ሃይድሮጅን ሊኖረው ይገባል። ሳይክሎሄክሳኖን አራት አልፋ ሃይድሮጅኖች ስላሉት ለኢናሚን ምቹ ነው። ቤንዛልዲሃይድ ግን አንድም የለውም፤ ስለዚህ ከፒሮሊዲን ጋር የቱንም ያህል ቢፈላ ኢናሚን አይሆንም። ይህን ሳያዩ ጀምረው ሙሉ ቀን ያባከኑ ተማሪዎች አውቃለሁ።

ሁለተኛ፦ መንገዱን እስከ ኢሚኒየም ድረስ ይሳሉ

ሁለቱም አሚኖች እስከ አንድ ቦታ ድረስ በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ የናይትሮጅኑ ነጻ የኤሌክትሮን ጥንድ የካርቦኒሉን ካርቦን ያጠቃል። ከዚያ ፕሮቶን ከናይትሮጅኑ ወደ ኦክስጅኑ ይሻገርና አንድ ካርቦን ላይ OH እና አሚን ጎን ለጎን የተቀመጡበት ካርቢኖላሚን ይፈጠራል። እዚህ ላይ አሲድ ያስፈልጋል። OH እንዳለ ከካርቦኑ መላቀቅ ይከብደዋል፤ ፕሮቶን ሲጨመርለት ግን ውኃ ሆኖ በቀላሉ ይሄዳል። ናይትሮጅኑም በኤሌክትሮን ጥንዱ ከኋላ እየገፋ ያስወጣዋል። ውኃው ሲወጣ የሚቀረው ኢሚኒየም ነው፤ C=N ያለውና አዎንታዊ ቻርጅ የተሸከመ።

መንገዱ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ኢሚኒየሙ ቻርጁን ለማራገፍ አንድ ፕሮቶን መልቀቅ አለበት። ቀዳማዊ አሚን ከነበረ ናይትሮጅኑ ላይ አንድ ሃይድሮጅን ተርፏል፤ እርሱን ይለቅና ኢሚን ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃ አሚን ከነበረ ያለችው አንዲት ሃይድሮጅን ቀድሞውኑ ካርቢኖላሚኑ ሲፈጠር ሄዳለች። ናይትሮጅኑ የሚለቀው ስለሌለው ፕሮቶኑ ከአልፋ ካርቦኑ ይወሰዳል፤ ድርብ ትስስሩም ወደ C=C ይሸጋገራል። ኢናሚን ማለት ይህ ነው። ሁለቱን የተለያዩ አጸግብሮቶች አድርጎ በቃል ከመያዝ ይልቅ «የመጨረሻው ፕሮቶን ከየት ተወሰደ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በዚህ መንገድ ላይ ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ወደ ኋላም ይሄዳሉ። ይህን ያስታውሱ፤ ውኃ በተነሣ ቁጥር እንመለስበታለን።

ሦስተኛ፦ ለራስዎ አሚን የፒኤች ሂሳብ ይሥሩ

ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ የሚመጣ ሰው ሁለት ቦታ ይጠብቃል፤ መጀመሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ቀጥሎ መንገዱ ሲዘጋጋ። ሰልፉ አንድ ሰዓት ከፈጀ መንገዱ ክፍት ቢሆንም በጊዜ አይደርስም። የእኛም አጸግብሮት ሁለት መጠበቂያ አለው፤ አንደኛው አሚኑ ካርቦኒሉን የሚያጠቃበት፣ ሁለተኛው ካርቢኖላሚኑ ውኃ የሚያወጣበት። አጠቃላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ ዘገምተኛው ነው። አሲድ ደግሞ አንዱን እየጠቀመ ሌላውን ይጎዳል። ውኃው እንዲወጣ ይረዳል፤ አሚኑን ግን ፕሮቶን ያሸክመዋል። ፕሮቶን የተሸከመ አሚን የኤሌክትሮን ጥንዱ ተይዞበታልና ማጥቃት አይችልም።

ምን ያህሉ አሚን ነጻ እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ቀመር ብቻ ነው። pKa ስንል ፕሮቶን የተሸከመውን አሚን ፒኬኤ ማለታችን ነው።

```
ነጻ አሚን = 1 / (1 + 10^(pKa − pH))
```

ሃይድሮክሲላሚንን እንውሰድ፤ ፒኬኤው 6 ገደማ ነው። ፒኤች 2 ላይ ነጻ የሚሆነው ከ10,000 ሞለኪውሎች አንዱ ነው። ፒኤች 4 ላይ ከመቶ አንድ፣ ፒኤች 5 ላይ ከመቶ ዘጠኝ፣ ፒኤች 6 ላይ ግማሹ፣ ፒኤች 7 ላይ ከመቶ ዘጠና አንዱ ነጻ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ፣ ማለትም ጥቃቱ፣ በዚህ ቁጥር ልክ ይፈጥናል፤ ፒኤቹ ከ6 በታች በአንድ በወረደ ቁጥር ጥቃቱ አሥር ጊዜ ያህል ይዘገያል።

ሁለተኛውን እርምጃ በጥሞና ይዩት፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ውኃ የማውጣቱ ፍጥነት በካርቢኖላሚኑ መጠንና በፕሮቶኑ መጠን ይወሰናል፤ የካርቢኖላሚኑ መጠን ደግሞ በነጻው አሚን ይወሰናል። ስለዚህ የነጻውን አሚን ድርሻ በፕሮቶኑ መጠን ማባዛት አለብን። ብዜቱን ወረቀት ላይ ሲሠሩት የሚወጣው ፕሮቶን ከተሸከመው አሚን ድርሻ ጋር እኩል የሚሄድ ቁጥር ነው። ፒኤች 4 ላይ 99 ከመቶ፣ ፒኤች 5 ላይ 91፣ ፒኤች 6 ላይ 50፣ ፒኤች 7 ላይ 9፣ ፒኤች 8 ላይ 1። ይህ ማለት ፒኤቹን ከ5 በታች እያወረዱ ቢሄዱ ውኃ ማውጣቱ ከዚያ በላይ አይፈጥንም፤ የሚጨመረው አሲድ ሁሉ ጥቃቱን ብቻ ነው የሚያዘገየው። ከ7 በላይ ሲወጡ ደግሞ ጥቃቱ አልቆመም፤ ካርቢኖላሚኑ ይፈጠራል፤ ውኃውን የሚያስወጣለት ግን ያጣል።

ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስቀምጧቸው የደወል ቅርጽ ያለው መስመር ይወጣል። ጫፉ ታዲያ ለምን ፒኬኤው 6 ላይ አልሆነም? ሃይድሮክሲላሚን ነጻ ሲሆን ጥቃቱ ከውኃ ማውጣቱ እጅግ ስለሚፈጥን ነው። ጥቂት ነጻ አሚን እንኳ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ወደ አሲዱ ወገን ያጋድልና ከአሴቶን ጋር ጫፉ 4.5 አካባቢ ይሆናል። አሜሪካዊው ዊልያም ጄንክስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት ኦክሲምና ሴሚካርባዞን የሚፈጠሩበትን መንገድ ሲመረምር ያሳየው ይህንኑ የእርምጃ መቀያየር ነው፤ በአሲዱ ወገን ጥቃቱ፣ በገለልተኛው ወገን ውኃ ማውጣቱ ፍጥነቱን ይገዛል። በእኛ ሂሳብ ቡፈሩ ራሱ የሚያደርገው እገዛ አልገባም፤ የመስመሩን ቅርጽ ለማወቅ ግን በቂ ነው።

ወደ ተማሪዬ ደብተር እንመለስ። የቤንዚላሚን ፒኬኤ 9.3 ነው። ፒኤች 4.5 ላይ በቀመሩ ስናሰላው ነጻ የሆነው ከ63,000 ሞለኪውሎች አንዱ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት የጠበቀችው አሚን ሳይሆን የአሚን ጨው ነበር። በዚያ ላይ አሟሚው ውኃ ነው፤ የተገኘችውም ጥቂት ኢሚን ወደ ኋላ ትመለሳለች። አኒሊን ቢሆን ኖሮ፣ ፒኬኤው 4.6 ስለሆነ፣ በዚያው ፒኤች 44 ከመቶው ነጻ ይሆን ነበር።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ልማድ እንዲህ ነው። ደካማ ቤዝ ለሆኑት፣ እንደ አኒሊንና ሃይድሮክሲላሚን ላሉት፣ ቀለል ያለ አሲድነት ይጠቅማል። ጠንካራ ቤዝ ለሆኑት፣ እንደ ቤንዚላሚንና ቡቲላሚን ላሉት፣ ከአልዲሃይድ ጋር ሲሠሩ አሲድ ባይጨምሩ ይሻላል፤ የእነርሱ ናይትሮጅን በብርቱ ስለሚገፋ OH ብዙ አሲድ ሳይጠይቅ ይለቃል። ለተማሪዬም ያልኋት ይህንኑ ነው። ቡፈሩን ተወችና ሁለቱን እኩል ሞል አድርጋ በኤታኖል ውስጥ በክፍሉ ሙቀት አደባለቀቻቸው፤ ውኃውን እንዲይዝላት ደረቅ ማግኒዥየም ሰልፌት ጨመረች። በማግስቱ ኤታኖሉን ስታተን ቢጫማ ዘይት ተረፈላት። ይህ ኢሚን በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነውና ክሪስታል አይጠበቅም።

አራተኛ፦ ኢሚኑን ይሥሩ

ለጀማሪ የምመርጠው ቤንዛልዲሃይድና አኒሊን ነው፤ ምርቱ ጠጣር ስለሆነ መሳካቱ በዓይን ይታያል። አኒሊን መርዛማ ነው፤ በቆዳም በትነትም ይገባል። ጓንት ያድርጉ፣ አየር ማስወጫው ሥር ይሥሩ።

አስቀድመው የቤንዛልዲሃይዱን ጠርሙስ ክዳን ይመርምሩ። ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ከያዘ ከአየር ጋር ተዋህዶ ቤንዞይክ አሲድ ሆኗል ማለት ነው። ያ አሲድ አሚኑን ወደ ጨው ይለውጥብዎታል፤ ሳያውቁት ፒኤቹን አወረዱት ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በሶዲየም ካርቦኔት ውኃ አጥበው፣ ለይተው፣ አድርቀው ይጠቀሙበት። በሠፈራችን ቤተ ሙከራዎች አንድ ጠርሙስ ለዓመታት ስለሚቀመጥ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

1.06 ግራም ቤንዛልዲሃይድ ትንሽ ፍላስክ ውስጥ ያድርጉ፤ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። እያወዛወዙ 0.93 ግራም አኒሊን ይጨምሩበት። ሁለቱም 10 ሚሊ ሞል ናቸው። አሟሚ አያስፈልግም። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፍላስኩ እጅዎ ላይ ይሞቃል፤ ቀጥሎም ጥርት ብሎ የነበረው ድብልቅ ይደፈርሳል። የደፈረሰው የወጣው ውኃ ከዘይቱ ጋር ስላልተዋሃደ ነው፤ አጸግብሮቱ ሲሄድ በዓይን የሚታይበት ቅጽበት ይህ ነው፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ጎንበስ ብለው እንዲያዩት አደርጋለሁ። ካልሞቀና ካልደፈረሰ አንዲት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ብቻ ይጨምሩ።

ሩብ ሰዓት ካቆዩት በኋላ 1.7 ሚሊ ሊትር 95 ከመቶ ኤታኖል ውስጥ እያማሰሉ ያፍስሱት። ከዚያም በበረዶ ያቀዝቅዙት፤ ክሪስታሉ ሲወርድ አጣርተው በትንሽ ቀዝቃዛ ኤታኖል ያጥቡት፣ በአየር ያድርቁት። ሙሉ በሙሉ ቢሳካ 1.81 ግራም ይሆናል፤ 1.5 ግራም ካገኙ ጥሩ ሠርተዋል። ማቅለጫ ነጥቡ 52 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ብሎና ተዘርግቶ ከቀለጠ ኤታኖል ወይም ያልተለወጠ ጥሬ ዕቃ ቀርቶበታል።

በሲሊካ ሰሌዳ ክሮማቶግራፊ ለመከታተል የሚሞክር ሰው ይጠንቀቅ። ሲሊካ ራሱ አሲዳማ ነው፤ ውኃም አለበት። ኢሚኑ ሰሌዳው ላይ ይፈርስና የመነሻዎቹን ሁለት ነጠብጣቦች ያሳያል፤ የተሳካ ሥራ ያልተሳካ ይመስላል። በዚህ ተታሎ ጥሩ ምርቱን የደፋ ተማሪ አጋጥሞኛል። አሟሚው ላይ ጥቂት ትራይኢታይላሚን ይጨምሩበት፤ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ካለ ግን እርሱ ይሻላል። የአልዲሃይዱ ምልክት 1700 አካባቢ ጠፍቶ 1630 አካባቢ የ C=N ምልክት ይወጣል።

አምስተኛ፦ ኢናሚኑን ይሥሩ፣ ከፍታውንም ያስቡ

ኢናሚን ከኢሚኑ ይልቅ ውኃን ይፈራል፤ ስለዚህ ውኃው እየተፈጠረ ሲሄድ እያወጡ መሥራት ግድ ነው። 9.8 ግራም ሳይክሎሄክሳኖን (0.10 ሞል)፣ 10.4 ግራም ሞርፎሊን (0.12 ሞል)፣ 0.1 ግራም ፓራ ቶሉኢን ሰልፎኒክ አሲድና 20 ሚሊ ሊትር ቶሉኢን ፍላስክ ውስጥ ያድርጉ። ከላዩ ዲን ስታርክ የሚባለውን ውኃ ለይቶ የሚያጠራቅም መስታወት፣ ከእርሱም በላይ ኮንደንሰር ይግጠሙ። ዲን ስታርኩን ከሌላ ቶሉኢን አስቀድመው ይሙሉት። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ይሁን፤ ቶሉኢን ካለበት ዘንድ ነበልባል አይቅረብ።

የአሲዱን መጠን ልብ ይበሉ። ቶሉኢን ውስጥ ፒኤች የሚባል ነገር አይለካም፤ ሚዛኑ የሚታየው በሞል ነው። 0.1 ግራሙ ግማሽ ሚሊ ሞል ያህል ሲሆን ሞርፎሊኑ 120 ሚሊ ሞል ነው፤ ለአንድ አሲድ ከ200 በላይ አሚን ማለት ነው። ስለዚህ አሚኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጻ ነው፤ ውኃውን የሚያስወጣ ፕሮቶንም አለ። አንድ ሰው «እንዲፈጥን» ብሎ አሲዱን ሃያ እጥፍ ቢያደርገው ከሞርፎሊኑ አሥር ከመቶ የሚጠጋውን ወደ ጨው ይለውጠዋል፤ ጨውም ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ይጣበቃል።

አሁን ስለ ከፍታችን። በባሕር ጠለል ላይ ቶሉኢን በ110.6 ዲግሪ ይፈላል፤ ከቶሉኢንና ከውኃ የሚወጣው የጋራ ትነት ደግሞ በ84 ዲግሪ። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ቶሉኢን በ101 ዲግሪ ገደማ፣ የጋራ ትነቱም በ77 ገደማ ይወጣል። ፍላስኩ ውስጥ ያለው አጸግብሮት አሥር ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ነው የሚሠራው፤ በውጭ አገር መመሪያ አራት ወይም አምስት ሰዓት የተባለው እዚህ ይረዝማል። እሳቱን ማብዛት አይጠቅምም፤ የሚፈላ ነገር ከመፍያው በላይ አይሞቅም። ሰዓቱን ትተው ውኃውን ይዩ።

ከ0.10 ሞል የሚጠበቀው ውኃ 1.8 ሚሊ ሊትር ነው። ዲን ስታርኩ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ይመዝግቡ። ቁጥሩ በፍጥነት ይወጣል፣ ከዚያ ያዘግማል፣ በመጨረሻ ይቆማል፤ ለአንድ ሰዓት ሳይጨምር ሲቀር አልቋል። ጥቂት ሞርፎሊን ከውኃው ጋር ስለሚሄድ ወይም ቶሉኢኑ ርጥብ ስለነበረ ከ1.8 ትንሽ ቢያልፍ አይደንግጡ። 1 ሚሊ ሊትር ላይ ከቆመ ግን ችግር አለ። መጀመሪያ የዲን ስታርኩን አንገት ይንኩት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ትነቱ ሳይደርስ እየተመለሰ ነውና አንገቱን በጨርቅ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፍኑት። በሐምሌ ብርድ ይህ ብቻውን ሥራውን ሲያቆመው አይቻለሁ።

መብራት ቢጠፋ ፍላስኩን አይክፈቱ። ኮንደንሰሩ አናት ላይ የካልሲየም ክሎራይድ ቱቦ ይግጠሙና ይተዉት፤ መብራቱ ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። ሲቀዘቅዝ ግን የክረምቱን ርጥብ አየር ይስባልና ቱቦው ቀድሞ የተገጠመ ቢሆን ይመረጣል። የቧንቧ ውኃ ለሚቆራረጥበት ሠፈር ደግሞ በረዶ ያለበት ባልዲና ትንሽ ፓምፕ ለኮንደንሰሩ ይበቃሉ።

ውኃው ሲያበቃ ቶሉኢኑንና የተረፈውን ሞርፎሊን ያትኑ፤ ቀጥሎ ኢናሚኑን በተቀነሰ ግፊት ያንጥሩት፤ በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከ118 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ይወጣል። ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከማቀዝቀዣ ሲያወጡትም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ አይክፈቱት፤ ቀዝቃዛው መስታወት የአየሩን ርጥበት ወደ ውስጥ ያወርደዋል። የሳይክሎሄክሳኖን ሽታ መሽተት ከጀመረ ውኃ አግኝቶት ወደ መነሻው እየተመለሰ ነው።